ገንዘባችሁ በየትኛው ኩባንያ እጅ ነው? ብሮከር ስለመምረጥ ከደረሰብኝ የተማርኩት

አክሲዮን ወይም ምንዛሪ የሚያገበያይላችሁ ብሮከር ለመምረጥ የተነሳችሁ ከሆነ ኮሚሽኑን ከማየታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ከእናንተ ጋር ውል የሚገባው የትኛው ኩባንያ ነው? በማስታወቂያው ላይ የምታዩትን የንግድ ስም ማለቴ አይደለም። በአንድ የንግድ ስም ሥር ሦስትና አራት ኩባንያዎች በተለያዩ አገሮች ተመዝግበው ሊሠሩ ይችላሉ። ድረ ገጹ አንድ ነው፣ አርማው አንድ ነው፣ መተግበሪያውም አንድ ነው። ችግር ሲመጣ ግን የገንዘባችሁን ዕጣ የሚወስነው በውሉ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ገንዘቤ ከተያዘ በኋላ ስለሆነ፣ እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያውን ሂሳብ የከፈትኩት ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ነበር። ሁለታችንም አንድ ብሮከር መረጥን። አክሲዮንም ሲኤፍዲም ያገበያያል። ሲኤፍዲ ማለት አክሲዮኑን ወይም ምንዛሪውን ራሱን ሳትገዙ፣ በዋጋው መውጣትና መውረድ ላይ ከብሮከሩ ጋር የምትገቡት ውል ነው። ያየነው ሁለት ነገር ነበር። ኮሚሽን የለውም፤ ደግሞም ከገጹ ግርጌ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ፈቃድ እንዳለው ተጽፏል። የፈቃድ ቁጥሩን በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ፈለግነው፤ አገኘነው። እስከዚህ ድረስ የሠራነው ትክክል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው። በፈረንጆች 2018 የአውሮፓ ተቆጣጣሪ ለተራ ደንበኞች የሚሰጠውን ሌቨሬጅ ቀነሰ። ሌቨሬጅ ማለት ካስያዛችሁት ገንዘብ ብዙ እጥፍ በሆነ መጠን እንድትገበያዩ መፍቀድ ነው። በዋና ዋና ምንዛሪዎች ላይ ከ30 ለ 1 በላይ መስጠት ተከለከለ። ብዙ ብሮከሮች ይህ ገቢያቸውን ስለነካው ደንበኞቻቸውን ከኅብረቱ ውጭ ወደተመዘገቡ እህት ኩባንያዎች ማዛወር ጀመሩ። ለእኛም ኢሜይል መጣ። «የተሻለ የንግድ ሁኔታ ለማግኘት ሂሳብዎ ወደ ዓለም አቀፍ ኩባንያችን እንዲዛወር ከፈለጉ እዚህ ይጫኑ» ይላል። 500 ለ 1 ሌቨሬጅና ለተቀማጭ ቦነስ ይሰጣል። እኔ ተጫንኩት። ጓደኛዬ ውሉ ረጅም ነው ብላ ተወችው።

ከዚያ በኋላ በስክሪኑ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የመግቢያ ቃሉ ያው ነው፣ ገንዘቡም ያው ነው። ግን እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ የአንዲት ትንሽ ደሴት ኩባንያ ደንበኛ ነበርኩ። ያ ኩባንያ በደሴቲቱ ንግድ መዝገብ ውስጥ መመዝገቡ እውነት ነው። መመዝገብና ፈቃድ ማግኘት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማንም ሰው ኩባንያ ያስመዘግባል። የደንበኛ ገንዘብ ይዞ ለማገበያየት ፈቃድና ቁጥጥር ያስፈልጋል፤ እዚያ ደሴት ላይ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚሰጥ ፈቃድም የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤትም አልነበረም።

የመጀመሪያው ምልክት ገንዘብ ማውጣት መዘግየቱ ነው። በፊት በሁለትና በሦስት ቀን ይደርስ የነበረው ሳምንታት መውሰድ ጀመረ። ቀጥሎ መታወቂያና የአድራሻ ማረጋገጫ እንደገና ላክ አሉኝ፣ ላክሁ። ደግመው ጠየቁኝ። ከዚያ ቦነሱን ስለወሰድክ የተወሰነ መጠን ካልተገበያየህ ማውጣት አትችልም ተባልኩ። በመጨረሻ «የግብር ማስያዣ» አስገባ አሉኝ። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ። እውነተኛ ብሮከር የሚያስከፍለው ነገር ካለ ከሂሳባችሁ ላይ ይቀንሳል፤ የራሳችሁን ገንዘብ ለማውጣት አዲስ ገንዘብ አስገቡ አይልም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣ አንድ ሳንቲም አትጨምሩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአውሮፓው ኩባንያ ፈቃድ ታገደ፣ ቡድኑ በሙሉ ቆመ። የእኔና የጓደኛዬ መንገድ የተለያየው እዚህ ላይ ነው። እሷ የአውሮፓው ኩባንያ ደንበኛ ስለነበረች ጉዳዩ ብሮከር መመለስ ሲያቅተው ለደንበኞች ወደሚከፍለው ካሳ ፈንድ ሄደ። በኅብረቱ ሕግ እያንዳንዱ አባል አገር እንዲህ ያለ ፈንድ ሊኖረው ይገባል፤ ዝቅተኛው የሽፋን ጣሪያ ለአንድ ባለሀብት 20,000 ዩሮ ነው። አንዳንድ አገሮች ከተረጋገጠው ገንዘብ 90 በመቶውን ብቻ ይከፍላሉ። ቅጽ ሞላች፣ የሂሳብ መግለጫዎቿን አያያዘች፣ ረጅም ጊዜ ጠበቀች፣ አብዛኛው ገንዘቧ ተመለሰላት። እኔ ለዚያው ፈንድ ስጽፍ የመጣልኝ መልስ አጭር ነበር። ውልህ ከዚህ ኩባንያ ጋር አይደለም።

እኔ ያስመለስኩት በባንክ ካርድ ያስገባሁትን የተወሰነ ክፍል ነው። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ላስረዳው። በካርድ የተከፈለ ገንዘብ አገልግሎቱ ካልተሰጠ በካርዱ ባንክ በኩል ክርክር ሊቀርብበት ይችላል። ጊዜ ግን አለው። ብዙውን ጊዜ 120 ቀን ገደማ ነው፤ ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር እንደ ጉዳዩ ይለያያል። ስለዚህ ገንዘብ ማውጣት ከተከለከላችሁ የብሮከሩን ተስፋ እየጠበቃችሁ ወራት አታሳልፉ። ያመለከታችሁበትን ቀን፣ የተሰጣችሁን መልስና የሂሳብ መግለጫውን ይዛችሁ ወዲያው ባንካችሁን አነጋግሩ። በባንክ ዝውውር የላክሁት ግን እስከዛሬ አልተመለሰም። በክሪፕቶ ለላከ ሰው ደግሞ መመለሻው ከዚህም የጠበበ ነው።

በዚያው ሰሞን ስልክ ይደወልልኝ ጀመር። «ገንዘብህን እናስመልስልሃለን፣ መጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያ ላክ» ይላሉ። ምን ያህል እንደተያዘብኝ ሳይቀር ያውቁ ነበር። ይህ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። የተጎጂዎች ስም ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። የካሳ ፈንድም ሆነ ተቆጣጣሪ ገንዘብ ለመመለስ ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ብሮከር ለመምረጥ ጊዜ ወሰድኩ። አሁን የምነግራችሁ ያኔ ያደረግሁትን ነው፤ ቅደም ተከተሉንም ሆን ብዬ ነው የያዝኩት።

መጀመሪያ ውሉን ከድረ ገጹ አወረድኩ። ሂሳብ ከመክፈት በፊት ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይህ ስምምነት በእርስዎና በ...» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ሙሉ ስም ገለበጥኩ። ያንን ስም በተቆጣጣሪው መዝገብ ውስጥ ፈለግሁ። ወደ መዝገቡ የገባሁት ብሮከሩ በሰጠው ሊንክ አይደለም፤ የተቆጣጣሪውን አድራሻ ራሴ ጽፌ ነው። እንግሊዝ ከሆነ ኤፍሲኤ የሚባለው ተቆጣጣሪ መዝገብ አለ፤ አሜሪካ ከሆነ ብሮከሮችን የሚቆጣጠረው ፊንራ፣ ብሮከርቼክ የሚባል ነጻ መፈለጊያ አለው። ስሙን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ኩባንያ ስምና የፈቃድ ቁጥር ገልብጠው የራሳቸውን ድረ ገጽ ይሠራሉ። በመዝገቡ ላይ ያለው የድረ ገጽ አድራሻና ስልክ እናንተ ከምታዩት ጋር አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ፈቃዱ ምን ምን ሥራ እንደሚፈቅድም ተመልከቱ። ምክር ለመስጠት ብቻ የተፈቀደለት ኩባንያ የደንበኛ ገንዘብ መያዝ ላይችል ይችላል።

ቀጥሎ በውሉ ውስጥ ስለ ገንዘቤ የሚናገረውን አንቀጽ ፈለግሁ። ብዙ ሰው «ገንዘብዎ በተለየ የባንክ ሂሳብ ይቀመጣል» የሚለውን አንብቦ ይረካል። ጥሩ ጅምር ነው። ብሮከሩ ቢከስር አበዳሪዎቹ ያንን ገንዘብ እንዳይወስዱት የታሰበ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ውሎች ወረድ ብለው ሌላ ነገር ይላሉ፤ «የሚያስገቡት ገንዘብ ሙሉ ባለቤትነት ለእኛ ይተላለፋል፣ እኛም ለእርስዎ ባለዕዳ እንሆናለን» የሚል። ይህ አንቀጽ ካለ ገንዘቡ የእናንተ መሆኑ ቀርቷል። ብሮከሩ ሲከስር እንደማንኛውም አበዳሪ ትሰለፋላችሁ። በአውሮፓ ኅብረትና በእንግሊዝ ለተራ ደንበኛ እንዲህ ማድረግ ተከልክሏል። የድሮ ውሌን አውጥቼ ሳነብ፣ የደሴቲቱ ኩባንያ ውል ውስጥ ይኸው አንቀጽ ነበር። «ፕሮፌሽናል ደንበኛ ሆነው ይመዝገቡ» የሚል ግብዣ ሲመጣም ተጠንቀቁ። ፊርማው የሌቨሬጅ ገደቡን ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ ይህን ክልከላና ሌሎች ጥበቃዎችንም ያነሳል።

የተለየ ሂሳብ ቢኖርም እንኳ ሁሉን አይሸፍንም። በኦክቶበር 2011 ኤምኤፍ ግሎባል የሚባለው የአሜሪካ ብሮከር ሲወድቅ የደንበኞች ገንዘብ በተለየ ሂሳብ መያዝ ነበረበት። ሕጉ ነበር። ሆኖም ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ጎደለ። ደንበኞች በመጨረሻ ገንዘባቸውን አገኙ፤ ግን ዓመታት ጠብቀው ነው። በቀጣዩ ዓመት ፐሪግሪን ፋይናንሺያል በሚባል ሌላ ብሮከር ደግሞ ባለቤቱ የባንክ መግለጫዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያስመስል እንደኖረ ታወቀ፤ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። ሁለቱም ቁጥጥር በጠበቀበት አገር ያሉ ናቸው። ለዚህ ነው ከተለየ ሂሳቡ በኋላ የካሳ ፈንዱን የማየው።

ካሳውን ስታዩ ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛው ጣሪያው ነው። በአሜሪካ ኤስአይፒሲ የሚባለው ድርጅት ለአንድ ደንበኛ እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ ለጥሬ ገንዘብ የሚሆነው እስከ 250,000 ነው። በእንግሊዝ ብሮከር ከስሮ ንብረታችሁን መመለስ ካቃተው እስከ 85,000 ፓውንድ ይሸፈናል። ሁለተኛው ደግሞ ምን እንደሚሸፈን ነው። ኤስአይፒሲ አክሲዮንና ቦንድ ይሸፍናል፤ የምንዛሪ ንግድንና የፊውቸርስ ውልን፣ ማለትም አንድን ነገር ወደፊት በተወሰነ ቀን አሁን በተስማሙበት ዋጋ ለመግዛት ወይም ለመሸጥ የሚገባ ውልን፣ ግን አይሸፍንም። ኤምኤፍ ግሎባል ላይ ዋናው ጉዳት የደረሰባቸው የፊውቸርስ ደንበኞች ነበሩ። የትኛውም ፈንድ ደግሞ አክሲዮናችሁ ስለወረደ አይከፍላችሁም። የሚከፍለው ብሮከሩ መመለስ ያለበትን ሳይመልስ ሲቀር ነው።

ይህን ሁሉ ያለፉ ጥቂት ብሮከሮች እጄ ላይ ቀሩ። ኮሚሽኑን ያየሁት ያኔ ነው። ከኮሚሽኑ ጋር ደግሞ ትዕዛዜ የት እንደሚሄድ ጠየቅሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ካልታዩ ትርጉም የላቸውም።

«ግዛ» ስትሉ ብሮከሩ ትዕዛዙን ወደ ገበያው ሊልከው ይችላል፣ ለአንድ ትልቅ ነጋዴ ድርጅት ሊሰጠው ይችላል፣ ወይም ራሱ ተቃራኒ ወገን ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ብዙ ኮሚሽን የሌላቸው ብሮከሮች ትዕዛዛችሁን ለእነዚህ ድርጅቶች ሰጥተው በምላሹ ክፍያ ይቀበላሉ። ሕጋዊ ነው። እንግሊዝ ግን አትፈቅደውም፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የከለከለ ሕግ አጽድቋል። ችግሩ ብሮከሩ የሚመርጠው የተሻለ ዋጋ የሚሰጣችሁን ነው ወይስ የተሻለ የሚከፍለውን የሚለው ነው። በዲሴምበር 2020 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤስኢሲ ኮሚሽን የማያስከፍለውን ብሮከር ሮቢንሁድን በዚሁ ጉዳይ ከስሶ ድርጅቱ 65 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ክሱን ሳያምንም ሳይክድም። ኤስኢሲ እንዳለው ደንበኞች ትዕዛዛቸው በከፋ ዋጋ በመፈጸሙ ያጡት፣ ከኮሚሽን የዳኑት ተቀንሶ እንኳ፣ 34.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ይህ በእናንተ ሂሳብ ላይ ምን እንደሚመስል በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ አክሲዮን ገዢ 50.00 ዶላር ይሰጥበታል፣ ሻጭ 50.04 ይጠይቅበታል እንበል። መካከሉ 50.02 ነው። 200 አክሲዮን ትገዛላችሁ። ኮሚሽን የሌለው ብሮከር በ50.04 ገዛላችሁ። ከመካከሉ 2 ሳንቲም ራቀ፤ ወጪያችሁ 4 ዶላር ነው። ሌላው ብሮከር 1 ዶላር ኮሚሽን አስከፍሎ በ50.025 ገዛላችሁ። የዋጋ ልዩነቱ 1 ዶላር፣ ከኮሚሽኑ ጋር 2 ዶላር። ነጻ የተባለው እጥፍ ሆነ። አሁን ግን 10 አክሲዮን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሂሳቡ ይገለበጣል። የመጀመሪያው 20 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም። ስለዚህ «ኮሚሽን የሌለው መጥፎ ነው» አልልም። በምትገዙት መጠን ራሳችሁ አስሉት።

የማስላቱ ዘዴ ቀላል ነው። ሁለት ብሮከር ላይ ትንሽ ገንዘብ አስገባሁ። አንዱን አክሲዮን በተመሳሳይ ሰዓት፣ ገበያው ተረጋግቶ ባለበት ጊዜ፣ በሁለቱም ገዛሁ። ትዕዛዙን ከመስጠቴ በፊት የገዢና የሻጩን ዋጋ የሚያሳየውን ስክሪን ፎቶ አነሳሁ፤ ከዚያ የተፈጸመበትን ዋጋ ጻፍኩ። አንድ ጊዜ ምንም አይነግራችሁም። ሲደጋገም ግን የትኛው ሁልጊዜ የሻጩን ሙሉ ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ የትኛው ወደ መካከል እንደሚያቀርብ ይታያል። ለአሜሪካ ብሮከሮች ደግሞ ሩል 606 በሚባለው ደንብ መሠረት በየሦስት ወሩ የሚወጣ ሪፖርት አለ። ትዕዛዞች ወደ የትኛው ድርጅት እንደተላኩና ብሮከሩ በየመቶ አክሲዮኑ ስንት እንደተከፈለው ያሳያል። ከብሮከሩ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል።

ሲኤፍዲና የምንዛሪ ንግድ ላይ ነገሩ ይለያል። ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ወገን ብሮከሩ ራሱ ነው፤ የእናንተ ኪሳራ የእሱ ትርፍ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የምመለከተው የዋጋ መንሸራተትን ነው። ዋጋ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ትዕዛዝ ከጠየቃችሁት ትንሽ ወጣ ወይም ወረድ ብሎ ይፈጸማል። ጤነኛ ብሮከር ላይ አንዳንዴ ለእናንተ፣ አንዳንዴ በእናንተ ላይ ይንሸራተታል። ኪሳራው ከተወሰነ ዋጋ እንዳያልፍ ቀድማችሁ ያስቀመጣችሁት የኪሳራ ማቆሚያ ትዕዛዝ ሁልጊዜ በከፋ ዋጋ ከተፈጸመና የትርፍ ትዕዛዛችሁ አንድም ቀን በተሻለ ዋጋ ካልተፈጸመ ግን ገንዘባችሁን ማውጣት ጀምሩ። የድሮ መዝገቤን ኋላ ላይ ስመረምር ያየሁት ይኸን ነው።

አንድ ወጪ ብዙ ጊዜ ከኮሚሽን ይበልጣል፤ እሱም የምንዛሪ ቅያሪ ነው። ሂሳባችሁ በዩሮ ሆኖ በዶላር የሚሸጥ አክሲዮን ስትገዙ ብሮከሩ ይቀይርላችኋል። በ5,000 ዩሮ ላይ 0.75 በመቶ ቢወስድ 37.50 ዩሮ ነው፤ ስትሸጡና ስትመልሱ ደግሞ ያንኑ ያህል። ለዚህ ነው ዋጋ ዝርዝሩን ስትከፍቱ ከኮሚሽኑ በፊት «የምንዛሪ ቅያሪ» የሚለውን መስመር መፈለግ ያለባችሁ። በተለያየ ገንዘብ ሂሳብ እንድትይዙ የሚፈቅድ ብሮከር ከሆነ አንዴ ቀይራችሁ መቆየት ትችላላችሁ።

የመረጥኩት ብሮከር ትንሽ ኮሚሽን ያስከፍላል። ሙሉውን ገንዘብ ከማስገባቴ በፊት ትንሽ አስገብቼ፣ አንድ ግብይት ፈጽሜ፣ ከዚያ አወጣሁት። ሲደርሰኝ ነው ቀሪውን የላክሁት። በአንድ ብሮከር ላይ ከካሳው ጣሪያ በላይ አላስቀምጥም። በየወሩ መጨረሻ የሂሳብ መግለጫውን አውርጄ ከብሮከሩ ሲስተም ውጭ፣ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጣለሁ። ብሮከር ሲወድቅ መተግበሪያው መጀመሪያ ነው የሚዘጋው፤ የካሳ ፈንዱ ቅጽ ደግሞ የሚጠይቀው በመጨረሻው ቀን ምን ያህል ጥሬ ገንዘብና የትኞቹ አክሲዮኖች እንደነበሯችሁ ነው። ጓደኛዬ ማስረጃዋን ያቀረበችው በዚህ መንገድ አስቀምጣው ከነበረው ፋይል ነው። «ውላችንን አሻሽለናል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ደግሞ አዲሱን ውል አውርጄ የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቼ የኩባንያው ስም ተለውጦ እንደሆነ አያለሁ። ተለውጦ ከሆነ ምንም ሳልጫን በፊት አዲሱን ስም በመዝገቡ ላይ እፈልጋለሁ፤ ካላገኘሁት ገንዘቤን አወጣለሁ።